የሹፌሩን ማይል የሚመዘግብ ሰው

ኤክሴል ጠንቅቃችሁ የምታውቁና ከቤት ሆናችሁ የምትሠሩት ሥራ የምትፈልጉ ወገኖቼ፣ ደንበኛ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ኡበርና ሊፍት የሚነዱ ወንድሞችና እህቶች አሉን። እኔ የማውቃቸው ብዙዎቹ ግን የማይል መዝገብ የላቸውም። ይህን በየወሩ መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሹፌር በ2025 ባንክ የገባለት 44,000 ዶላር ነው እንበል። የሚደርሰው 1099-ኬ ግን 61,000 ይላል፤ ቅጹ የሚያሳየው ኮሚሽን ሳይቆረጥ ያለውን ጠቅላላ ገንዘብ ነውና። የተቆረጠው 17,000 በወጪ ይመዘገባል። ለሥራ 38,000 ማይል ከነዳ ደግሞ፣ በዓመቱ ተመን በማይል 70 ሳንቲም ታስቦ 26,600 ዶላር ይቀነሳል። ትርፉ 17,400 ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ተመን የተጠቀመ ሰው ቤንዚንና ጥገና በተጨማሪ መቀነስ አይችልም።

የእናንተ ድርሻ ቀላል ነው። ሹፌሩ ሥራ ሲጀምርና ሲጨርስ የኦዶሜትሩን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክላችኋል። እናንተ ቀኑን በA፣ የሥራ ማይሉን በD ዓምድ ታሰፍራላችሁ። የመጋቢት 2025ን ድምር ለማውጣት፦

```
=SUMIFS(D:D,A:A,">="&DATE(2025,3,1),A:A,"<"&DATE(2025,4,1))
```

በብዛት የሚያጋጥመው ስህተት የሚመጣው ሁለቱን አፕ በአንድ ጊዜ ከሚከፍት ሹፌር ነው። ኡበርም ሊፍትም ያንኑ መንገድ ይቆጥሩታል፤ ሁለቱን የደመረ ሰው ማይሉን በእጥፍ ጻፈ ማለት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የአፖቹ ድምር ኦዶሜትሩ ከጨመረው ከበለጠ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ስለዚህ ዋናው ማስረጃችሁ ኦዶሜትሩ ይሁን።

ለአንድ ሹፌር በወር 40 ደቂቃ ያህል ቢወስድባችሁና 30 ዶላር ብትጠይቁ፣ 20 ሹፌር 600 ዶላር ያስገባላችኋል፤ ሥራው 13 ሰዓት ገደማ ነው። ግን በሦስት ሰው ጀምሩ። የባንክ የይለፍ ቃል ከማንም አትቀበሉ፤ ወርሃዊ መግለጫው በፒዲኤፍ ይበቃችኋል።

ወሰናችሁን እወቁ። መዝገብ መያዝ ሌላ፣ ተከፍሏችሁ የፌዴራል ታክስ መሙላት ሌላ ነው። ለሁለተኛው ከአይአርኤስ የሚሰጥ ፒቲን የተባለ ቁጥር ግዴታ ስለሆነ፣ የሠራችሁትን መዝገብ ፈቃድ ላለው አስረክቡ። በተማሪ ቪዛ ያላችሁ ደግሞ፣ ሥራው ከቤት ስለሆነ ያለ ፈቃድ ይሠራል ብላችሁ አትሳቱ።

የዓመቱ መጀመሪያ ንባብ ካመለጠ በኋላ መፈለጉ አድካሚ ነው። ስለዚህ የምታውቁት ሹፌር ካለ ዛሬ ማታ ደውሉለትና መኪናውን ከማጥፋቱ በፊት አንድ ፎቶ ይላክላችሁ። የመዝገባችሁ የመጀመሪያ መስመር እሱ ነው።