ክሬአቲን ለተማሪ ሯጭ ይገባዋልን?

ለዘንድሮው የትምህርት ቤቶች ውድድር በምንዘጋጅበት ወራት አንድ የክፍል ጓደኛዬ አጎቱ ከአዲስ አበባ የላከለትን ነጭ ዱቄት በጣሳ ይዞ መጣ። ስሙ ክሬአቲን ይባላል። ልጁ ዕድሜው 17 ዓመት፣ ክብደቱ 55 ኪሎ ሲሆን የሚሮጠው 5,000 ሜትር ነው። «ይህን የጠጣ ሰው አይደክመውም» እያለ የቡድኑን እኩሌታ አሳምኖ ነበር። እኔ ግን ስለ ነገሩ ጥቂት ካነበብሁ በኋላ አሳቤ ከእርሱ አሳብ ተለየ።

በመጀመሪያ ክሬአቲን መርዝ አይደለም፤ የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ድርጅት ከከለከላቸው ነገሮችም መካከል የለበትም። ሼቭሬል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1832 ከሥጋ ውስጥ አገኘው፤ ስሙም ሥጋ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ሰውነታችን ራሱ በቀን 1 ግራም ያህል ይሠራል፤ የቀረውን ከሥጋና ከዓሣ እናገኛለን። በጡንቻ ውስጥ ተከማችቶ ይቀመጥና ሰው በሙሉ ኃይሉ ሲፈተለክ ለ10 ሰከንድ ያህል የሚያልቀውን ጉልበት ቶሎ ቶሎ ይተካል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የትንፋሽና የምግብ ነው።

በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ 100 ሜትርን ያሸነፈው እንግሊዛዊው ሊንፎርድ ክሪስቲ ክሬአቲን ይወስድ እንደ ነበር ጋዜጦች ጽፈዋል፤ ዱቄቱም ከዚያ ወዲህ በዓለም ታወቀ። በዚያው ኦሊምፒክ የእኛዋ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትርን በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ አሸነፈች። የአንደኛው ሩጫ በ10 ሰከንድ ያልቃል፤ የሁለተኛዋ ከግማሽ ሰዓት ያልፋል። ጓደኛዬ የሚመስለው ደራርቱን ነው እንጂ ክሪስቲን አይደለም። ደግሞም ዱቄቱ ውሃ ወደ ጡንቻ ስለሚስብ በመጀመሪያው ሳምንት 1 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ክብደት ይጨምራል። ይህም አንድ ሊትር ውሃ ተሸክሞ ሜዳውን 12 ዙር ተኩል እንደ መሮጥ ነው!

ጓደኛዬ ግን ቀላል ያልሆነ መልስ ሰጠኝ። «እኛ ጿሚዎች ነን፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ አንቀምስም፤ ስለዚህ ከማንም ይልቅ ለእኛ ያስፈልገናል» አለ። በዚህስ እውነት አለው። ሥጋ የማይበላ ሰው በጡንቻው ውስጥ ያለው ክሬአቲን ያነሰ ስለ ሆነ ዱቄቱ በእርሱ ላይ ይበልጥ ይሠራል። በአንድ ኪሎ ጥሬ የበሬ ሥጋ ውስጥ ያለው ከ4 እስከ 5 ግራም ነው፤ በቀን 3 ግራም ለማግኘት ከግማሽ ኪሎ በላይ መብላት ያሻል። በደብረ ኤልያስ በየቀኑ ይህን የሚበላ ማን ነው? (ዱቄቱ ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው ከሥጋ አይደለም፤ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ግን ለንስሐ አባቱ ትቻለሁ።)

ነገር ግን በጾም ወራት እርሱን የሚጎድለው ክሬአቲን ነውን? ማለዳ 12 ሰዓት ይሮጣል፤ እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምስም፤ ከዚያም አንድ እንጀራ በሽሮ ይበላል። የጎደለው ምግቡ ነው። ይህም ይታወቃል፤ ክብደት በየሳምንቱ ይቀንሳል፣ ቀድሞ በቀላሉ የወጣው ዳገት ያስለከልከዋል፣ ከዕረፍት በኋላም እግር ይከብዳል፤ በሴቶች ልጆች የወር አበባ ይቋረጣል። አሁን ዱቄቱን ቢጨምርበት ሰውነቱ እየመነመነ ሚዛኑ ግን በውሃው ምክንያት «ደኅና ነህ» ይለዋል። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሰጋኝ ይኸው ነው። ይልቅስ ልምምዱን ከምግብ በኋላ ወደ ማታ ቢያዛውር፣ ከሽሮው ጋር ምስርና ባቄላ ቢጨምር ይሻለዋል።

በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጽሑፍ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ክሬአቲን እንዲወስዱ አይመክርም፤ ጥናቱ በአብዛኛው የተደረገው በአዋቂዎች ላይ ነውና። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ዕድሜው ለደረሰ አጭር ርቀት ሯጭ ወይም አሎሎ ወርዋሪ ግን አልከለክልም። እርሱም ቢሆን ኩላሊቱ ጤነኛ መሆኑን በሐኪም ያረጋግጥ። ጓደኛዬ እንደ ተነገረው በቀን 20 ግራም አይዋጥ፤ ይህ ሆድ ያውካል። 3 ግራም በቀን ቢወስድ በ4 ሳምንት ያህል እዚያው ይደርሳል። ጣሳውም ንጽሕናው በገለልተኛ ላቦራቶሪ ተመርምሮ ማኅተም ያለበት ይሁን፤ በውስጡ ያልተጻፈ የተከለከለ ነገር ቢገኝ የሚጠየቀው ሯጩ ራሱ ነውና። ደም ሲሰጥ ደግሞ መውሰዱን ለሐኪሙ ይንገር፤ ካልነገረው በደሙ ውስጥ ክሬአቲኒን የተባለው ከፍ ብሎ ሲታይ ኩላሊቱ የታመመ ሊመስለው ይችላል።

ጣሳው አሁን በሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ጓደኛዬ በኅዳር 18 ዓመት ሲሞላው እንደሚከፍተው ይዝታል። እኔም 5,000 ሜትር በኅዳርም ያው 5,000 ሜትር ነው ብዬዋለሁ።