ለአንድ ሄክታር ማሳ በሬ ወይስ ባለሁለት ጎማ ትራክተር?

በዳማድ አካባቢ ከሚሠሩ ወገኖቻችን መካከል አንድ የወሎ ተወላጅ በቅርቡ የሚከተለውን ጥያቄ አቀረበልኝ። «በአገር ቤት ያለው ታናሽ ወንድሜ አንድ ሄክታር መሬት ያርሳል። ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱ ሞተበት። ያጠራቀምኩትን ልልክለት አስቤአለሁ፤ ሌላ በሬ ይግዛበት ወይስ ዎኪንግ ትራክተር የሚሉትን ባለሁለት ጎማውን?» ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። በጂዛን ሜዳ ማሽን ስንት ማሳ በአንድ ቀን እንደሚጨርስ በየቀኑ የሚያይ ሰው፣ ወንድሙ በጅራፍና በእርፍ ሲደክም ማሰቡ ያንገበግበዋል።

እኔ የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ትራክተሩ ለአንድ ሄክታር ብቻ ከተገዛ ኪሳራ ነው፤ ለመንደሩ ከተገዛ ግን ከበሬው ይበልጣል። ምክንያቱን በሒሳብ እንመልከተው።

በአገራችን አንድ ጥማድ መሬት የሚባለው ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው፤ ይህም ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል። ስለዚህ አንድ ሄክታር አራት ጥማድ ነው። የጤፍ ማሳ አራት ጊዜ ተደጋግሞ ቢታረስ፣ በሬዎቹ 16 ቀን ሠሩ ማለት ነው። ዘርና ውቂያ ሲጨመርበት ከአንድ ወር ብዙም አያልፍም። የቀረውን አሥራ አንድ ወር ግን ሳይሠሩ ይበላሉ። አንድ መካከለኛ የአገር በሬ በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ቢፈልግ፣ ጥንዱ በዓመት ከ40 ኩንታል በላይ ይጨርሳል። ከአንድ ሄክታር ጤፍ የሚገኘው ጭድ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው። የጎደለው በግጦሽ ካልተሟላ በግዥ ይሟላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በሬው በጣም የሚከሳበት ጊዜ የበጋው መጨረሻ መሆኑ ነው፤ ይህም መሬቱ የደረቀበትና የመጀመሪያው እርሻ የሚጠበቅበት ወቅት ነው።

አሁን ወደ ትራክተሩ እንምጣ። ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለውና መሬትን በሚሽከረከሩ ቢላዎች የሚፈጭ ባለሁለት ጎማ ትራክተር አንድን ሄክታር በ8 ወይም በ10 ሰዓት ያዳርሳል። ሁለት ጊዜ ቢደገም 20 ሰዓት ነው እንበል። ሞተሩ በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ናፍጣ ቢጠጣ፣ ለዓመቱ 30 ሊትር ይበቃዋል። ይህ ለበሬ ከሚወጣው መኖ አጠገብ ሲቀመጥ እጅግ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ የወጣበት ማሽን በዓመት 20 ሰዓት ሠርቶ የቀረውን ጊዜ ጥግ ይዞ ይቆማል። የቆመ ማሽን መኖ ባይበላም ይዝጋል፣ ጎማው ይሰነጠቃል፣ ዋጋውም በየዓመቱ ይወርዳል። በሬ ግን አምስት ስድስት ዓመት አርሶ ሲያበቃ ይደልብና ለአረፋ ገበያ ይቀርባል። የተገዛበትን ዋጋ መልሶ፣ አንዳንዴም አትርፎ ይሄዳል። የግዥ ዋጋን ብቻ የሚያወዳድር ሰው ይህን መጨረሻ ይረሳዋል።

ሒሳቡ የሚገለበጠው ጎረቤቶች ሲገቡበት ነው። አሥር አባወራዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሄክታር ቢያሳርሱ፣ 20 ሰዓቱ 200 ሰዓት ይሆናል። ይህም በቀን ሰባት ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ማሽን የአንድ ወር ሥራ ነው፤ የእርሻው ወቅትም ከዚያ ብዙ አይፈቅድም። ከእርሻው በኋላ ያው ሞተር ተጎታች ጋሪ ይስባል፣ ውኃ ይስባል፣ መውቂያ ያንቀሳቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአውስትራሊያ ድጋፍ የተጀመረውና ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል የመራው ፕሮጀክት በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ባለሁለት ጎማ ትራክተርን ሲያስተዋውቅ ይህንኑ መንገድ ነው የያዘው። ገበሬው ሁሉ ማሽን እንዲገዛ ሳይሆን፣ አንዱ ገዝቶ ለሌሎች በክፍያ እንዲያገለግል ነው።

ስለ ድካምም እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። በማረሻ አንድ ሄክታር አንድ ጊዜ ለማረስ ገበሬው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይራመዳል። በማሽኑ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሆኖም ማሽኑ ከባድ ነው፤ በማሳው ጫፍ ማዞሩ ጉልበት ይጠይቃል፣ ንዝረቱም ክንድ ያደነዝዛል። ትልቁ እፎይታ የሚገኘው ከሞፈሩ ኋላ ሳይሆን ከቤት ነው፤ ከብት የሚጠብቀው ልጅና መኖ የምትሸከመው እናት ያርፋሉ። በአንጻሩ ኩበቱና ፍግው ይቀራል፤ ማገዶና ማዳበሪያ ከሌላ መፈለግ ይኖርበታል።

በሬ ሲታመም መንደሩ ሁሉ ያውቅበታል፤ ሞተር ሲታመም ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ጥቁር ጭስ ካወጣ አየር ማጣሪያው በአቧራ ተዘግቷል ወይም ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ብዙዎቹ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት ከላያቸው ባለው ጋን ውስጥ በሚፈላ ውኃ ስለሆነ፣ ውኃው ሲያልቅ ሳይሞላ የቀጠለ ሰው ሞተሩን ያነደዋል። ቢላውና ቺንጋው በየጊዜው ይለወጣሉ። መለዋወጫው የሚገኘው የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ከሆነ፣ ዝናቡ ማሽኑን አይጠብቅም።

የመሬቱ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። የዳማድ ማሳ ሜዳ ነው፤ የወሎ ማሳ ግን ብዙው ተዳፋት፣ ድንጋያማና በእርከን የተከፋፈለ ነው። ድንጋይ ቢላ ይሰብራል፤ ጠባብ እርከን ላይ ማሽን መዞሪያ አያገኝም። በረጠበ ዋልካ ላይም ጎማው ይንሸራተታል፤ የብረት ጎማ ካልተገጠመለት ይሰጥማል። በሌላ በኩል ማረሻችን መሬቱን ስለማይገለብጥና በትልሞቹ መካከል ያልታረሰ ስለሚተው አግድም ተደጋግሞ መታረስ አለበት፤ ከእነዚያ እርሻዎች አንዱ ቁልቁል ስለሚሄድ ጎርፍ መንገድ ያገኛል። የማሽኑ ቢላ ደግሞ አፈሩን እንደ ዱቄት ያደርገዋል። ብርቱ ዝናብ ሲመታው ላዩ ይጠነክርና ውኃው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ሲፈጭም ከሥሩ ጠንካራ ንጣፍ ይፈጠራል። ይህን ለማወቅ አዝመራው ቆሞ ሳለ አንድ ጉድጓድ መቆፈር ይበቃል፤ ሥሩ ቁልቁል መውረዱን ትቶ ወደ ጎን ከታጠፈ ንጣፉ ተፈጥሯል። ለዚህ የተሻለው መድኃኒት ሙሉ ማሳውን ከመፍጨት ይልቅ፣ ለስንዴና ለበቆሎ ጠባብ መስመር ብቻ ከፍቶ ዘርና ማዳበሪያ የሚጥለውን መዝሪያ ከትራክተሩ ጋር መግጠም ነው። በሬ የሌለው ቤት ጭዱን በማሳው ላይ ሊተው ስለሚችልም አፈሩ ከዝናብ ምት ይጠበቃል። አረሙ ግን ይበዛል፤ ለእርሱ አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለወሎዬው ወንድማችን የምመልሰው ይህ ነው። አንድ በሬ ቀርቶታል፤ ማሳው ተዳፋት ከሆነ ወይም ማሽኑ ለእርሱ ብቻ ከሆነ፣ ጎደሎውን በሬ ግዛለት፣ በትርፉም መኖ ይያዝበት። ማሳው ሜዳ ከሆነ ግን ገንዘቡን ከመላክህ በፊት ወንድምህ ሦስት ነገር ይጠይቅልህ፤ በክፍያ የሚያሳርሱ አሥር ጎረቤቶች አሉ? በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ቢላና ቺንጋ የሚሸጥ፣ ሞተር የሚፈታ ሰው አለ? ማሽኑን የሚይዘው ሰው ተለይቷል? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ትራክተሩን ግዛ። ድርሻው፣ ክፍያውና የጥገናው ወጪ በማን እንደሚሸፈን ግን ማሽኑ መንደር ከመግባቱ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ በስደት ላብ የተገኘው ገንዘብ በጓሮ ቆሞ ይዝጋል።