«ማሰሪያውን ጨምሮ»

በየክረምቱ መግቢያ የሚሰማው ዜና ያው ነው፤ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ገንጥሎ ወሰደ ይባላል። ጥፋቱም የነፋሱ ሆኖ ይቀራል። ቆርቆሮው በስንት ቪቴ ታስሮ ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢጠይቅም መልስ አያገኝም፤ ምክንያቱም በሥራ ዝርዝሩ ላይ ጣሪያ የሚለካው በካሬ ሜትር ሲሆን ቪቴና ሮንዴላው «ማሰሪያውን ጨምሮ» በምትል ሐረግ ዋጋው ውስጥ ተውጠዋል። ተቋራጩ በካሬ 3 አሰረ 6፣ የሚከፈለው አንድ ነው። ቪቴ የቆጠበውን ተቋራጭ መውቀስ ቀላል ነው፤ ቁጠባውን አስቀድሞ የፈቀደለት ግን ሰነዱን ያዘጋጀው አማካሪ ነው።

20 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሁለት በኩል የሚያዘቀዝቅ የመማሪያ ክፍል ጣሪያ እንውሰድ። እያንዳንዱ ወገን ከክፍክፉ እስከ አናቱ 6 ሜትር ነው። ፐርሊኖቹ፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚያርፍባቸው አግዳሚ ብረቶች፣ በየ1 ሜትሩ ስለተበየዱ በአንድ ወገን 7 ናቸው። ቆርቆሮው ሞገደኛ ሲሆን ከተደራረበ በኋላ የሚሸፍነው ስፋት 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ ዓይነት ቆርቆሮ የአውስትራሊያ አምራቾች መመሪያ ነፋሱ መካከለኛ በሆነ ቦታ ለአንድ ቆርቆሮ በመሃል ፐርሊን ላይ 3፣ በጫፍ ፐርሊን ላይ 5 ቪቴ ይላል። ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች 10፣ አምስቱ መሃሎች 15፣ ባጠቃላይ 25 ቪቴ ለአንድ ቆርቆሮ ማለት ነው። በካሬ ሲሰላ 5.5 ይሆናል። በሁሉም ፐርሊን ላይ ሁለት ሁለት ብቻ ያሰረ ሰው ግን 14 ተጠቅሞ በካሬ ወደ 3 ይወርዳል። ጣሪያው 54 ቆርቆሮ ስለሚፈልግ ልዩነቱ 594 ቪቴ ነው። አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎ የሚሄደው ዕቃ!

«እሺ፣ በካሬ 5.5 ብሎ መጻፍ ነዋ» የሚሉ አሉ። እሱም አያድንም። ያው ጣሪያ በ6 ሜትሩ ፈንታ በ2 ሜትር ቆርቆሮ ቢሸፈን መደራረቢያዎቹም እንደ ጫፍ 5 ቪቴ ይፈልጋሉ፤ ከክፍክፍ እስከ አናት 25 የነበረው 29 ሆኖ በካሬ 6.4 ይደርሳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አማካይ ቁጥር ቪቴው የት እንደገባ አለመናገሩ ነው። ነፋስ ጣሪያን ወደ ታች ከመጫን ይልቅ ወደ ላይ ይስባል፤ ስበቱም በጠርዝና በማዕዘን ከመሃሉ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድም ጠርዙን ከመሃሉ ለይቶ የሚያሰላው ለዚሁ ነው። መሃሉ ላይ ተከማችቶ ክፍክፉ ላይ የሳሳ 5.5፣ በወረቀት ልክ ሆኖ በጣሪያው ላይ ስህተት ነው። ሰነዱ መጻፍ ያለበት በየፐርሊኑ ለአንድ ቆርቆሮ ስንት እንደሚገባ ነው።

የተቋራጮቹ ሌላ መከራከሪያ «አንድ ቪቴ የሰው ክብደት ይሸከማል» የሚለው ነው። አንዴ ቢጎትቱት ይሸከም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1974 በገና ዕለት ትሬሲ የተባለው አውሎ ነፋስ የአውስትራሊያዋን ዳርዊን ከተማ ሲያወድም፣ ከተበተኑት ጣሪያዎች ብዙዎቹ የተለቀቁት ቪቴው ተነቅሎ አልነበረም። ነፋሱ ቆርቆሮውን ደጋግሞ ሲያነሳና ሲጥል በቪቴው ዙሪያ ተሰነጠቀና በራሱ ላይ አለፈ። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት እንደሚበጠሰው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ አገር ለአውሎ ነፋስ አካባቢ የሚሸጥ ቆርቆሮ የሚፈተነው ተደጋግሞ እየተሳበ ነው። ቪቴ ሲቀንስ የእያንዳንዱ ድርሻ ይጨምራል፤ አንዱ ቀዳዳ ሲቀደድ ደግሞ የእሱ ጭነት ወደ ጎረቤቱ ይዞራል።

«ቪቴ ሲበዛ ያፈሳል» የሚለውስ? የሚያፈሰው ብዛቱ ሳይሆን አስተሳሰሩ ነው። ቪቴው በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ መግባት የለበትም። በብረቱ ሮንዴላ ሥር ያለው ጎማም በልክ መጫን አለበት። ሮንዴላው በጣት የሚዞር ከሆነ ላልቷል፤ ጎማው ከሮንዴላው አፈትልኮ ወጥቶ የሞገዱ ጀርባ ከተሰረጎደ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠብቋል፣ ውሃውም እዚያው ይቋጥራል። ጥፋቱ የድሪሉ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በቪቴው ቁጥር ላይ መውረዱ ያስገርማል።

ርክክብ ሲደረግ ኮሚቴው ግቢው ውስጥ ቆሞ የቀለሙን ማማር ያያል። ኮርኒስ ያልተመታ ከሆነ ግን መሰላል እንኳ ሳያስፈልግ ከክፍሉ ውስጥ ቀና ብሎ መቁጠር ይቻላል። ከፐርሊኑ ጎን በቆርቆሮው በኩል ብልጭ ብሎ የወጣ የቪቴ ጫፍ ብረቱን የሳተ ነው። እሱ ቀዳዳ እንጂ ማሰሪያ ስላልሆነ ከቁጥሩ ይቀነሳል።