ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት



ለልጆቻችን የሚሠሩ ኢስላማዊ አኒሜሽኖችን እስኪ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩአቸው። በብዙዎቹ ላይ የሚቀረው አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ልጅ ብቻ ነው። ታሪኩ ያለው በንግግሩ ውስጥ ነበርና! ይህ ሥዕል የለበሰ ደርስ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ ምክሩ ሲጀመር ተነስቶ ይሄዳል። ያው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረውንና አንድም ቃል የማይነገርበትን የበጎቹን ፊልም፣ «ሾን ዘ ሺፕ»ን፣ ፈዝዞ ያያል።

የምስልን ሑክም በተመለከተ ዑለማዎች ያላቸውን ልዩነት እዚህ አናነሳም። የምንናገረው በዚህ ሥራ ውስጥ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች ነው፤ ቀልዱን በቃል ሳይሆን በሚታይ ነገር ጻፉት።

ምሳሌ እንውሰድ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ሙድ ማለት ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚይዘው ያህል ነው። ይህን ለልጅ እንዴት እናሳየው?

መጀመሪያ አንዲት ድመት ደረቅ ሳህን ስትልስ እናሳያለን። አንድ ልጅ ቧንቧውን እስከ ጥግ ይከፍታል። ውሃው ወለሉን ሞልቶ አንድ ነጠላ ጫማውን ይወስድበታል፤ ልጁም ሳያይ በእግሩ ይይዘዋል። ቀጥሎ ሁለቱም ይንሳፈፋሉ፤ ሮጦ ያመጣቸዋል። በሦስተኛው ጫማዎቹን ብብቱ ሥር አድርጎ በኩራት ይቆማል። ተመልካቹ አሁንም ጫማውን ይጠብቃል። ለአፍታ ዝም እንላለን። ያን ጊዜ ውሃው ራሱ ጠብ ብሎ ይቆማል! ቀኝ እጁ ታጥቧል፤ ግራው ደረቅ ነው።

አጠገቡ ያሉ አባት በትንሽ ማንቆርቆሪያ ውዱአቸውን ጨርሰዋል። የተረፋቸውን ይሰጡታል። ልጁ በጥንቃቄ እያንጠባጠበ ይጨርስና የመጨረሻዋን ጭላጭ ለድመቷ ሳህን ውስጥ ያፈሳል።

ሁለት ጊዜ የደጋገምነው ነገር በሦስተኛው ባልተጠበቀ በኩል ሲገለበጥ ሳቁ ይመጣል። ያቺ የዝምታ አፍታ ከተዘለለች ግን ልጁ ለመገመት ጊዜ አያገኝም፤ ቀልዱም ይሞታል። አደራ፣ የሚሳቅበት ማባከኑ ይሁን፤ ውዱኡ ወይም ሽማግሌው መሳቂያ እንዳይሆኑ።

ስትጽፉ «ልጁ ስህተቱ ገባው» አትበሉ፤ መግባት በዓይን አይታይም። «ቀጭን አድርጎ አንጠባጠበ» በሉ።

ወደ ቀለምና ድምፅ ከመግባታችሁ በፊት በእርሳስ የተሳሉትን ሥዕሎች በተራ ለትንንሽ ልጆች አሳዩና «ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ጫማው ስቆ ውሃው ማለቁን ያልነገራችሁ ልጅ ካለ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ውሃው ሲያልቅ በግልጽ አላሳየንም ማለት ነው። የዚያን ጊዜ ሥዕሉን እናስተካክላለን እንጂ ተናጋሪ አንጨምርም። በተሳካ ጊዜ ግን ያው ፊልም በደሴም፣ በጅማም፣ በጅግጅጋም ያለ ትርጉም ይታያል።

ወላሁ አዕለም።