«በሰው ስንት?» ብሎ ቀብድ ሰጥቶ መሄድ



የሒፍዝ ምርቃት ወይም ትልቅ ኢፍጣር ሲታሰብ የኮሚቴ ወጣቶች ምግብ አዘጋጇ ዘንድ ሄደው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «በሰው ስንት?» ዋጋ ይነገራል፣ ቀብድ ይሰጣል፣ ሁለት ወር ይጠበቃል። መሐል ላይ ሥጋ ይጨምራል። እህታችን «አልቻልኩም» ያለች ቀን «ቃሏን አጠፈች» ትባላለች። እኛ ደግሞ ጥፋቱ ከውሉ ነው የጀመረው እንላለን።

እስቲ እናስላው። 400 ሰው፣ በሰው 350 ብር፣ ለአንድ ሰው 200 ግራም ጥሬ ሥጋ። በውሉ ቀን ኪሎው 700 ብር ነበር እንበል፤ ከ350ው ላይ 140ው የሥጋ ነው። ሩዙ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ከሰሉ፣ የዕቃ ኪራዩና የሠራተኛው 180 ቢወስድ ለእርሷ 30 ብር ይተርፋታል። ኪሎው 875 ሲገባ የአንድ ሰው ሥጋ 175 ብር ሆነ። ጭማሪው 35፣ ትርፏ 30! ባበላች ቁጥር ከኪሷ 5 ብር ትጨምራለች ማለት ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጭቅጭቅ የለም። በዚያው በ140 ብር 160 ግራም ትገዛለች። 80 ኪሎ መሆን የነበረበት 64 ይሆናል፣ ሥጋው ደቆ ይከተፋል፣ ድንቹ ይበዛል። ሳህን ላይ ማንም አይለየውም። የሚታወቀው ድስት ሳይገባ ሲመዘን ነው፤ ሚዛን ይዞ ማለዳ ወጥ ቤት የሚገባ ኮሚቴ ደግሞ አላየንም።

«እንግዲያው በዕለቱ ገበያ ይታሰብ» የሚሉ አሉ። ይህ ዋጋው ያልታወቀ ሽያጭ ነው፣ ገረር አለበት። «በሰለም እንቆልፈው» የሚል ደግሞ ሙሉ ብሩን ውሉ ላይ ይቁጠር፤ በሰለም ቀብድ አይበቃም፣ ሻፊዒዮችም በበሰለ ምግብ ላይ ሰለምን አይቀበሉም። የሐነፊዮች ኢስቲስናዕ ሙሉ ክፍያ ባያስገድድም የሚሠራው ነገር ተለይቶ እንዲገለጽ ይፈልጋል። «ምሳ ለ400 ሰው» ምኑን ገለጸ?

መፍትሔው ውሉን ለሁለት መክፈል ነው። የእጅ ሥራዋ፣ ዕቃዋና ሠራተኞቿ በቁርጥ ዋጋ ይያዙ፤ ይህ ኢጃራ ነው፣ ገበያ ቢወጣም ቢወርድም አይነካውም። ግብዓቱን ኮሚቴው ይግዛ፣ ወይም ብሩን ሰጥቶ ወኪሉ ያድርጋት። ሩዝና ዘይት የሚቆይ ነገር ስለሆነ ውሉ በተፈረመበት ሳምንት ይገዛ። ሥጋው የሚገዛው በመጨረሻ ነውና ሉካንዳ ቤት ስትሄድ አንድ ወጣት አብሯት ይሂድ፣ ያስመዝን፣ ደረሰኝ ይቀበል። «ወኪል ሆና ብትጨምርብንስ?» ለሚለው መልሱ ይኸው ወጣት ነው። ዋጋ ከወረደም ትርፉ የጀመዓው ነው።

በእኛ ስሌት ጭማሪው 14,000 ብር ይመጣል። ይህን ለጀመዓው ተናግሮ ማሰባሰብ፣ አልያም «ሥጋው ወደ 160 ግራም ወርዷል» ብሎ በግልጽ መወሰን የኮሚቴው ሥራ ነው፤ የእርሷ አይደለም።