ጊታሩን የተጫወተው ማን ነው?

ለአገር ቤት ወገኖች፣

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ለአንድ አንጋፋ ጊታሪስት የምስጋና ደብዳቤ ጽፋለች። ስሙን ግን አታውቅም። እሱ የተጫወተበት፣ በደርግ ዘመን የታተመው ካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኙ ፎቶና የሙዚቃ ቤቱ አድራሻ አለ፤ ከባንዱ የአንድም ሰው ስም የለም።

ቅሬታዋ የቆየ ነው። ሰሞኑን የቀሰቀሰው፣ አገር ቤት ያለ አንድ ሬዲዮ ከካሴቱ አንዱን ዘፈን ከፍቶ የጊታር ሶሎው ሲጀምር አቅራቢው ማስታወቂያ ሲያነብበት መስማቷ ነው።

ያ ሶሎ ለእሷ ማስታወቂያ ማንበቢያ ክፍተት አይደለም። ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመው ንቅለ ተከላ እስክታገኝ ድረስ ዓመታትን በዲያሊሲስ አሳልፋለች፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል። የሚከብደው መጨረሻው ነው። ማሽኑ ከደም ውስጥ ፈሳሽ ሲቀንስ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የባት ጡንቻ ይኮማተራል፣ ላብ ያጠምቃል። ነርሷ የፈሳሹን ፍጥነት እስክትቀንስላት ድረስ የጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ያንን ሶሎ ደጋግማ ትሰማ ነበር።

ለምን ያንን? በደብዳቤዋ በዝርዝር ነግራዋለች። ዘፈኑ በትዝታ ሜጀር የተቃኘ ነው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከሚ ወደ ሶል ባለው ክፍተት ውስጥ ጊታሪስቱ ጣቱን አያነሳም። ክሩን እየገፋ ያወጣዋል፤ ማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን እያንሸራተተ እንደሚያደርገው። በጊታር ይህ የሦስት ፍሬት ጉዞ ነው፤ አንድ ጣት ስለማይበቃው ከኋላው ያሉት ጣቶች ያግዙታል። ትንሽ ካጠረ ድምፁ ከቅኝቱ ይወጣል። እሱ ግን ወዲያው ያንኑ ሶል ሳይገፋ በቦታው ይመታዋል፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። እሷም ሕመሙ ሲጠና ክሩ ሲወጣ ትንፋሿን ትስብ፣ ሲያርፍ ትለቅ ነበር።

ከውጭ ሆና አገር ቤቱን ልትወቅስ የተነሳች የሚመስለው ይኖራል። አይደለም። እዚያ አሜሪካም የሞታውን ስቱዲዮ ባንድ በርካታ ታዋቂ ዘፈኖችን ተጫውቶ ስሙ በሸክላ ሽፋን ላይ የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ.፣ በማርቪን ጌይ አልበም ነው። የእኛም ቢሆን ተጀምሯል፤ ማህሙድ አህመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር ያስቀረጸው «እሬ መላ መላ» በኢትዮፒክስ ተከታታይ ዳግም ሲታተም የጊታሪስቱ የሰላም ስዩም ስም አብሮ ተጽፏል። ግን ያንን ያሳተመው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ለእሷ የሚቆረቁራት ይኼ ነው፤ የራሳችንን ሰው ስም ከፓሪስ በታተመ ወረቀት ማንበብ።

ሙዚቃ ቤቶቹን የሚያውቁ፣ በዚያ ዘመን በክበብና በሆቴል የተጫወቱ ሰዎች ዛሬም አዲስ አበባ አሉ። የዘፈኑን ቅጂ ለዚህ መጽሔት አዘጋጅ ልካለች። ወገኖች፣ መጥታችሁ ስሙት። ጊታሪስቱን የምታውቁት ስሙን ጻፉላት፤ ተሳስታለች የምትሉም መልሱላት። ሰውየው በሕይወት ካለ ደብዳቤው ሳይዘገይ ይድረሰው።