በመሥሪያ ቤት የሚጻፍ የኢሜይል ደብዳቤ በምን ይመዘን

በመሥሪያ ቤት የጸሐፊዎችን ኢሜይል ለመመዘን የሚዘጋጀው የነጥብ ሠንጠረዥ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም ቃሉ ግልጥ መሆኑን፤ አነጋገሩ ለተቀባዩ የተገባ መሆኑን፤ የሚሠራውም ሥራ ተለይቶ መታወቁን ነው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይሰጥና ይደመራል። ስሕተቱም የሚገባው በዚህ በመደመሩ ነው።

አንድ የንብረት ክፍል ሹም ለሦስት የመጋዘን ኀላፊዎች «የዓመቱ ቆጠራ ስለ ተቃረበ አስፈላጊው ዝግጅት በአስቸኳይ እንዲደረግ በአክብሮት እናሳስባለን» ብሎ ጻፈ ቢባል፤ አማርኛው የጠራ ነውና ለግልጥነቱ 4፤ አነጋገሩም ጨዋ ነውና 4 ያገኛል። ሥራው ግን አልተለየምና 1 ይሰጠዋል። ድምሩ ከ12 ነጥብ 9 ስለ ሆነ በ8 የሚያሳልፍ ሠንጠረዥ ደኅና ደብዳቤ ነው ብሎ ያሳልፈዋል። ሦስቱ ኀላፊዎች ግን እያንዳንዱ ሌላው ያደርገዋል ብሎ ይቀመጣል።

ሰዋስው የተማረ ሰው ጉድለቱን ወዲያው ያገኘዋል። «እንዲደረግ» የሚለው ግሥ ተደራጊ ነው፤ አድራጊውን አይናገርም። ይህ አነጋገር የደብዳቤ ጌጥ ሆኖ ስለ ኖረ ጸሐፊው ትሕትና ይመስለዋል፤ ነገር ግን «እያንዳንዳችሁ የመጋዘናችሁን የዕቃ ዝርዝር እስከ ሰኔ 20 ቀን ከቀኑ በ10 ሰዓት ለንብረት ክፍል እንድትልኩ በአክብሮት እንጠይቃለን» ቢባል አክብሮቱ አይጐድልም፤ አድራጊውም፤ ሥራውም፤ ቀኑም ይታወቃል።

ስለዚህ ሦስተኛው መለኪያ ከሌሎቹ ጋራ የሚደመር ሳይሆን እንደ በር የሚቆም ሊሆን ይገባል። ሦስቱ ነገሮች በደብዳቤው መጀመሪያ ባንድነት ቢገኙ 4፤ ሁሉም ኖረው አንባቢው ከየዓረፍተ ነገሩ የሚለቅማቸው ቢሆን 3፤ አንዱ ቢጐድል 2፤ ከአንድ በላይ ቢጐድል 1 ይሰጥ። ከ3 በታች ያገኘ ደብዳቤ የቀረው ነጥብ ምንም ያህል ቢሆን ለጸሐፊው ይመለስ። መዛኙም በግምት እንዳይፈርድ፤ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ደብዳቤውን አንድ ጊዜ አስነብቦ ከእጁ ይውሰድና ማን፤ ምን፤ እስከ መቼ ብሎ ይጠይቀው።

መዛኞች አብዝተው የሚለያዩት በአነጋገሩ ነው። «እናሳስባለን» የሚለው ቃል ለበታች ሲጻፍ የተገባ ነው፤ ለበላይ ሲጻፍ ግን ድፍረት ይሆናል። ላኪውና ተቀባዩ በምን ማዕርግ እንዳሉ በሠንጠረዡ ራስ ካልተጻፈ፤ ሁለት መዛኞች ለየብቻቸው አንዱ 4 ሌላው 2 ቢሰጡ ጥፋቱ የሠንጠረዡ ነው እንጂ የነርሱ አይደለም።

ወሬ ለማስታወቅ ብቻ የሚላክ ደብዳቤ ግን ሥራ የለውምና በዚህ በር ሊከለከል አይገባውም። «ይህ ለማወቅ ብቻ ነው፤ መልስ አያሻውም» ብሎ በመጀመሪያው መስመር ከጻፈ በሦስተኛው መለኪያ ሙሉ 4 ይሰጠው።